የጆሮ ማዳመጫ፣ ስማርት ሰዓት እና የእጅ ባንድ በስልክ አማካኝነት ሲዘምኑ ግንኙነቱ ቢቋረጥ ምን ማድረግ ይገባል?

ገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫዎችና የአካል ብቃት መከታተያ የእጅ ባንዶች በአብዛኛው በራሳቸው ከኢንተርኔት ጋር አይገናኙም። በውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር የሚታደሰው ከእነርሱ ጋር በተጣመረው የእጅ ስልክ በኩል ነው። አብዛኞቹ ስማርት ሰዓቶችም በዚሁ መንገድ ሊዘምኑ ይችላሉ። በሂደቱ መካከል ግንኙነቱ ሲቋረጥ አንዳንድ ተጠቃሚዎች ዕቃው የተበላሸ መስሏቸው ለጥገና ይወስዱታል፤ ሌሎች ደግሞ ማጣመሩን ወዲያው ይሰርዙና በዕቃው ላይ የነበረውን መረጃ ያጣሉ። ብዙውን ጊዜ ግን ዕቃው ደህና ነው። ተገቢውን እርምጃ ለመውሰድ በቅድሚያ ማወቅ የሚያስፈልገው ግንኙነቱ የተቋረጠው በየትኛው ደረጃ ላይ እንደሆነ ነው።

ሂደቱ የሚያልፍባቸው ደረጃዎች

በመጀመሪያው ደረጃ የአምራቹ መተግበሪያ አዲሱን ፋይል ከኢንተርኔት ወደ ስልኩ ያወርዳል። በዚህ ጊዜ ዋይፋይ ወይም የሞባይል ዳታ ቢቋረጥ በዕቃው ላይ የሚደርስ ነገር የለም፤ ኢንተርኔቱ ሲመለስ እንደገና ማውረድ በቂ ነው።

በሁለተኛው ደረጃ ስልኩ ፋይሉን በብሉቱዝ እየቆራረሰ ወደ ዕቃው ይልካል። ብዙውን ጊዜ በስልኩ ላይ ቀስ እያለ ሲያድግ የሚታየው የመቶኛ ቁጥር ይህንኑ ያሳያል። በተለይ የእጅ ባንዶች የሚጠቀሙበት የብሉቱዝ ዓይነት ኃይል ለመቆጠብ የተሠራ በመሆኑ አዝጋሚ ነው። ለምሳሌ አምስት ሜጋባይት የሆነ የባንድ ፋይል በሰከንድ 20 ኪሎባይት ቢተላለፍ ከአራት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። በዚሁ ፍጥነት 500 ሜጋባይት የሆነ የሰዓት ፋይል ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ዋይፋይ ያላቸው ሰዓቶች ትልልቅ ፋይሎችን በዋይፋይ እንዲቀበሉ የሚደረገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በሦስተኛው ደረጃ ዕቃው የተቀበለውን ፋይል ሙሉ መሆኑንና ከአምራቹ የመጣ መሆኑን ያረጋግጣል፤ ከዚያም ይጭነውና ራሱን አጥፍቶ ይነሣል። በዚህ ጊዜ ስልኩ ላይ «ግንኙነት ተቋርጧል» የሚል መልእክት ቢታይ ብልሽት አይደለም፤ ዕቃው ዳግም እየተነሣ ስለሆነ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። መልእክቱን አይተው ዕቃውን ለማጥፋት ይሞክራሉ ወይም ከቻርጀር ይነቅሉታል። ለጉዳት የሚያጋልጠው ደግሞ በዚህ ደረጃ ላይ ኃይል መቋረጡ ነው።

ፋይሉ በመተላለፍ ላይ እያለ መቋረጥ ለምን ብዙም አይጎዳም?

በርካታ ዕቃዎች ሁለት የማከማቻ ክፍሎች አሏቸው። በአንዱ ላይ ነባሩ ሶፍትዌር እየሠራ አዲሱ በሌላው ላይ ይጠራቀማል። ፋይሉ ሳይሟላ ከቀረ ዕቃው በነባሩ መሥራቱን ይቀጥላል።

የማከማቻ ቦታቸው አነስተኛ የሆኑ አንዳንድ ርካሽ ዕቃዎች ግን አዲሱን የሚጽፉት በነባሩ ላይ ነው። በእነዚህ ላይ ዝውውሩ ሲቋረጥ ማያው ይጨልማል ወይም የማሻሻያ ምልክት ብቻ ያሳያል፤ ዕቃው አዲስ ፋይል እስኪላክለት ይጠባበቃል። በስልኩ የብሉቱዝ ዝርዝር ውስጥ ስሙ ተለውጦ ለምሳሌ «DfuTarg» ተብሎ ሊታይ ይችላል። ይህ የሞተ ዕቃ ሳይሆን ፋይል የሚጠብቅ ዕቃ ነው።

በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ተጠቃሚ የእጅ ባንዱን ሲያዘምን ቁጥሩ 62 በመቶ ላይ ቆመ እንበል። በመጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል ምንም ሳይነካ ይጠብቅ። ለውጥ ከሌለ መተግበሪያውን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ የስልኩን ብሉቱዝ አጥፍቶ ያብራ፤ ባንዱን ቻርጀር ላይ አድርጎ ከስልኩ አጠገብ ያስቀምጥና መተግበሪያውን እንደገና ይክፈት። አብዛኛውን ጊዜ ዝውውሩ ካቆመበት ይቀጥላል ወይም ከዜሮ ይጀምራል። በድጋሚ እዚያው አካባቢ ቢቆም ስልኩን አጥፍቶ ማብራት ይሞከራል። ማጣመሩን መሰረዝ የመጨረሻው አማራጭ መሆን አለበት፤ ምክንያቱም በብዙ ባንዶች ላይ ማጣመሩ ሲሰረዝ ወደ ስልኩ ያልተላለፈ የእርምጃ፣ የእንቅልፍና የልብ ምት መረጃ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ማዘመን ከመጀመሩ በፊት መረጃውን ወደ ስልኩ ማስተላለፍ ይመከራል።

ስልኩ አጠገብ እያለ ግንኙነቱ ለምን ይቋረጣል?

በአንድሮይድ ስልኮች ላይ ተደጋጋሚው ምክንያት ርቀት ሳይሆን የባትሪ ቁጠባ ነው። ማያው ሲጠፋ ስልኩ ከጀርባ የሚሠራውን መተግበሪያ ያስቆመዋል፤ ዝውውሩም አብሮ ይቆማል። በመሆኑም የባትሪ ቁጠባን አጥፍቶ መተግበሪያውን እስከ ፍጻሜው ክፍት ማድረግ ይገባል። ከዚህ በተጨማሪ በአንድሮይድ 12 እና ከዚያ በላይ በሆኑት መተግበሪያው በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎችን የማግኘት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ከአንድሮይድ 6 እስከ 11 ባሉት ደግሞ የአካባቢ መገኛ ፈቃድ ካልተሰጠ መተግበሪያው የተቋረጠውን ዕቃ ፈልጎ ላያገኘው ይችላል።

የጆሮ ማዳመጫ ልዩ ችግር

በገመድ አልባ የጆሮ ማዳመጫ ግራውና ቀኙ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው። አንዱ ታድሶ ሌላው ከቀረ ሁለቱ ሊግባቡ አይችሉም፤ አንደኛው ወገን ድምፅ ያቆማል ወይም መተግበሪያው የአንዱን ባትሪ ብቻ ያሳያል። ብዙውን ጊዜ መነሻው በማስቀመጫው ውስጥ ያለው የቻርጅ መገናኛ መቆሸሽና አንዱ ሳይሞላ መቅረቱ ነው። መገናኛውን በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ጠርጎ፣ ሁለቱን በማስቀመጫው ውስጥ ሞልቶ ማዘመኑን መድገም ችግሩን በአብዛኛው ይፈታዋል።

ኤርፖድስ ከሌሎቹ ይለያል፤ ማዘመኛ ቁልፍ የለውም። በማስቀመጫው ውስጥ ክዳኑ ተዘግቶና ቻርጀር ላይ ተሰክቶ፣ ዋይፋይ ካለው አይፎን አጠገብ ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ከዚያ ክዳኑን ከፍቶ የሶፍትዌሩ ቁጥር መለወጡን በስልኩ ቅንብር ውስጥ ማየት ይቻላል። ከአምራቹ ጋር ተመሳስለው የተሠሩ ማዳመጫዎች በዚህ መንገድ አይዘምኑም፤ ስለሆነም ቁጥሩ ባለመለወጡ ብቻ ግንኙነት ተቋርጧል ማለት አይቻልም።

ስማርት ሰዓት

አፕል ዎች በአይፎን በኩል እንዲዘምን ሰዓቱ ቻርጀር ላይ ሆኖ ቢያንስ 50 በመቶ ባትሪ ሊኖረው፣ ስልኩም ዋይፋይ ላይ ሆኖ ከጎኑ ሊቀመጥ ይገባል። የመብራት መቆራረጥ ባለበት አካባቢ ከ50 በመቶ ይልቅ ሙሉ በሙሉ ሞልቶ መጀመር ይሻላል። ከተቋረጠ በኋላ በሰዓቱ ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ ቢታይ የጎን ቁልፉን ሁለት ጊዜ በተከታታይ መጫን ያስፈልጋል። ስልኩን ወደ ሰዓቱ የማቅረብ ምስል ከመጣ፣ ሰዓቱን ቻርጀር ላይ አድርጎ አይፎኑን ከፍቶ በማቅረብ በስልኩ ላይ የሚታየውን መመሪያ መከተል ይቻላል። ይህ የሚሠራው አይኦኤስ 15.4 ወይም ከዚያ በላይ ባለው ስልክ ነው። ምስሉ ካልመጣ ግን ጉዳዩ የጥገና ባለሙያ የሚያየው ነው።

ለጥገና ወይም ለዋስትና ጥያቄ ሲኬድ የግዢ ደረሰኙን፣ በማያው ላይ የታየውን መልእክት ፎቶና ማዘመኑ የቆመበትን መቶኛ ይዞ መቅረብ ችግሩ በየትኛው ደረጃ ላይ እንደተፈጠረ ለባለሙያው ያሳየዋል።