ወረፋው ሲረዝም

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሰፈራችንን ጁስ ቤት ነገር ላውጋችሁ።

ባለቤቷ ብርቱ ሴት ናት። ማለዳ አቮካዶውን አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ጫን እያደረገች ትለያለች፤ የለሰለሰውን ለዛሬ፣ የጠነከረውን ለነገ። አንዱን ብርጭቆ በ100 ብር፣ በቀን 150 ብርጭቆ ትሸጣለች። ማታ 15,000 ብር ትቆጥርና ለፍራፍሬና ለስኳር ያወጣችውን 9,000 ቀንሳ «6,000 አተረፍኩ» ብላ ትተኛለች።

ታዲያ በየሦስት ወሩ የኪራይ ቀን ሲደርስ ብድር ፍለጋ የምትሯሯጠው ለምንድን ነው? አንድ ማታ ደብተሯን ይዘን ተቀመጥን።

ያ 6,000 ብር ጠቅላላ ትርፍ የሚባለው ነው። ጁሱ የራሱን የፍራፍሬ ዋጋ ከፍሎ ያስተረፈው እንጂ ቤቱ የሚበላው ገና አልተነካም። ኪራይዋ በወር 78,000 ብር ነው፤ ለምትሠራባቸው 26 ቀናት ሲካፈል በቀን 3,000። አራቱ ሠራተኞች ከነምግባቸው 1,800። መብራትና ውኃ 500። ለመፍጫውና ለፍሪጁ ጥገናና እርጅና ሌላ 500። ድምሩ 5,800! የተጣራው ትርፍ በቀን 200 ብር ሆነና ቁጭ አለ፤ ያውም ግብሩ ሳይነሳ፣ የእሷም ድካም ሳይታሰብ። ኪራዩ በየቀኑ ከመሳቢያው ስለማይወጣ ብሩ የእሷ መስሏት ለቤቷም፣ ለዕቁቧም ስታነሳ ኖራለች።

«ብዙ ከሸጥኩ ይካካሳል» አለችና ዋጋውን 90 ብር አደረገችው። ዝም ማለቴ ዛሬም ይቆጨኛል። ወረፋው እስከ አስፋልቱ ደረሰ፤ በቀን 200 ብርጭቆ! ሽያጩ 18,000 ብር ገባ። ግን አንዱ ብርጭቆ 60 ብር ይፈጃል፤ ድሮ 40 ብር ያስተርፍ የነበረው አሁን 30 ብር ነው የሚያስተርፈው። 200 ጊዜ 30 ስንት ነው? ያው 6,000። ሃምሳ ብርጭቆ ጨምራ በጠቅላላ ትርፏ ላይ አንዲት ብር አልጨመረችም። ለወረፋው ደግሞ አምስተኛ ሠራተኛ በ450 ቀጠረች፣ መብራቱም በ50 ብር ጨመረ። ወጪው 6,300 ሆነ። እጇ እስኪዝል እየሠራች በየቀኑ 300 ብር ትከስር ነበር።

ዋጋውን ወደ 100 መለሰችው። ወረፋው ሳሳ፣ ልቧም ተጨነቀ፤ አዲሱን ልጅ ማሰናበቱም ከበዳት። ደግነቱ ከጎረቤት ጁስ ቤት ጋር ሆና ፍራፍሬውን በጅምላ ማምጣት ስትጀምር የአንዱ ብርጭቆ ወጪ ወደ 55 ብር ወረደ። አምስት ብር ትንሽ ትመስላለች፤ በ150 ብርጭቆ ግን 750 ብር ናት። የቀኑ የተጣራ ትርፍ ከ200 ወደ 950 ወጣ።

አሁን ከመሳቢያው አጠገብ ባዶ የወተት ቆርቆሮ አስቀምጣለች። ማታ ማታ ሂሳቡን ከመቁጠሯ በፊት 3,000 ብር እዚያ ትከታለች።