ስለ አራቱ ምክንያቶችና ከወይራ ስለ ተቀረጸ አንድ ምስል

በጥንት ዘመን በአቴንስ ከተማ፣ አክሮፖሊስ በሚባለው አምባ ላይ፣ ከወይራ እንጨት የተቀረጸ የአቴና ምስል ይገኝ ነበር። አቴና አሕዛብ የነበሩት ግሪኮች ያመልኳት የነበረች፣ የከተማይቱ ጠባቂ የምትባል አምላክ ናት። ይህ ምስል በኪነ ጥበብ ረገድ ዕጹብ ድንቅ የሚባል አልነበረም፤ ነገር ግን ከሁሉ የከበረ ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመተ ምሕረት የነበረው ጳውሳንያስ የተባለው መንገደኛ ጸሐፊ፣ ምስሉ ከሰማይ የወረደ ነው ተብሎ ይነገር እንደ ነበር ጽፎልናል። ዛሬ ምስሉ ጠፍቷል። ቆሞ ይሁን ተቀምጦ እንኳ ሊቃውንቱ አልተስማሙበትም። እኛ ግን የአርስጣጣሊስን (የአሪስቶትልን) የአራቱን ምክንያቶች ትምህርት ለመመርመር ይህንኑ የጠፋ እንጨት መርጠናል፤ የመረጥንበትም ነገር ወደ ፊት ይገለጻል።

አርስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ384 ዓመት ተወልዶ በ322 ዓመት ያረፈ ሲሆን፣ ትምህርቱን የጻፈው «ፊዚካ» በተባለው መጽሐፉ በሁለተኛው ክፍል ነው። «ምክንያት» ብለን የምንተረጕመው የግሪክ ቃል «አይትያ» የሸንጎ ቃልም ነበር፤ ክስንና ተጠያቂነትን ያመለክታል። ስለዚህ ፈላስፋው ምክንያትን ሲፈልግ፣ አንዱ ነገር ሌላውን መግፋቱን ብቻ ሳይሆን፣ ስለዚህ ነገር እንዲህ መሆን ተጠያቂው ምንድን ነው ብሎ መጠየቁ ነው። መልሱም አንድ ዐይነት አይደለም። ከምን ተሠራ? ምንድን ነው? ማን ሠራው? ስለ ምን ተሠራ? እነዚህ አራቱ ጥያቄዎች የቁስ፣ የቅርጽ፣ የአድራጊና የፍጻሜ ምክንያቶች ይባላሉ። የእኛ ቋንቋ እዚህ ላይ ያታልላል። «ለምን» የሚለው ቃላችን በጥሬው «ለ ምን ጥቅም» ማለት ስለ ሆነ የፍጻሜውን ጥያቄ ብቻ የሚጠይቅ ይመስላል፤ እኛ ግን «ለምን ተሰበረ?» ስንል ስለ ቁሱም ስለ ሰባሪውም እንጠይቅበታለን። አንዱ ስለ ሰባሪው ጠይቆ ሌላው ስለ እንጨቱ ሲመልስለት የሚነሣው ክርክር ማለቂያ የለውም፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋልና።

ከእርሱ በፊት የነበሩት የተፈጥሮ ተመራማሪዎች የደከሙት በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ታሌስ ውሃ፣ አናክሲሜኔስ አየር፣ ሄራክሊጦስ እሳት አሉ። አርስጣጣሊስ ይህን ከንቱ ነው አላለም፤ ነገር ግን እንጨት ራሱን አልጋ አያደርግም፣ ነሐስም ራሱን ምስል አያደርግም ሲል ጎደሎነቱን አሳየ። ቁስን የሚያመለክተው «ሂሌ» የሚለው ቃሉ ራሱ፣ ፈላስፋው ከመውሰዱ በፊት፣ የዱር ዛፍና ለሥራ የተቈረጠ እንጨት ማለት ነበር። የትምህርት መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የነሐስ ምስልን በምሳሌነት ያመጣሉ፤ እርሱም ራሱ ነሐስን ጠቅሷል። ለእኔ ግን እንጨቱ ይሻላል። ነሐስ ቀልጦ ሲፈስ የፈለጉትን ቅርጽ ይቀበላልና ቁስ ማለት ምንም ጠባይ የሌለው ነገር ይመስለናል። ወይራ ግን ክብደት፣ ጥንካሬና የራሱ ጅማት አለው፤ መሮው በጅማቱ አንጻር ሲሄድ ይሰነጠቃል። ቁሱ ለምስሉ ቁስ ይሁን እንጂ፣ በራሱ ቀድሞ አንድ የተወሰነ ነገር ነው።

ወደ አድራጊው ስንመጣ ምስሉ አስቸጋሪ ይሆናል። ከሰማይ ወረደ ያሉት ሰዎች «ማን ሠራው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አጥተው አይደለም፤ የሰው እጅ የለበትም ማለታቸው ነው። ፈላስፋው ቢጠየቅ ኖሮ ስሙ የሚታወቅ ቀራፂ ብናገኝ እንኳ አይረካም ነበር። ፖሊክሌይቶስ ስለ ተባለው ዝነኛ ሐውልት ሠሪ ሲጽፍ፣ የምስሉ ምክንያት ፖሊክሌይቶስ ነው ማለት በአጋጣሚ እውነት ነው፤ በትክክል ግን ምክንያቱ ሐውልት ሠሪው ነው፣ ከዚያም ይልቅ የቀደመው በሠሪው ውስጥ ያለው ጥበብ ነው ብሏል። እንግዲህ የሠሪውን ስም ማወቅ፣ ለታሪክ ጸሐፊ ታላቅ ግኝት ቢሆንም፣ ለተፈጥሮ ተመራማሪ ገና ጅማሬ ነው።

ቅርጽ የተባለውንም በዐይን የሚታየውን መልክ ብቻ ያደረጉት ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ስሕተት ነው። ቅርጽ ማለት ነገሩ ይህ ነው የሚያሰኘው፣ ለ«ምንድን ነው?» የሚሰጠው መልስ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት የተጻፉት የመዝገብ ዝርዝሮች ምስሉ የወርቅ ጕጕት እንደ ነበረውና በእጁም የወርቅ ጽዋ እንደ ያዘ ይመሰክራሉ። መልኩ ቢጠፋብንም፣ እነዚህ ምልክቶች ምስሉ የአቴና እንጂ የሌላ እንዳልሆነ ያስታውቁናል።

የፍጻሜው ምክንያት የቱን ያህል ከሌሎቹ የተለየ እንደ ሆነ የሚያሳየው አንድ የታሪክ ነገር አለ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ438 ዓመት ፊድያስ ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ የሠራው የአቴና ምስል በፓርቴኖን ቤተ ጣዖት ቆመ፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ ነበር። በቁሱ ውድ፣ በቅርጹ የተዋበ፣ ሠሪውም የታወቀ ነው። ነገር ግን በፓናቴናያ በዓል የከተማይቱ ሴቶች ሸምነው ያበጁት መጎናጸፊያ ይቀርብ የነበረው፣ አብዛኞቹ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ለአሮጌው እንጨት ነው። በየዓመቱ ልብሱን አውልቀው የሚያጥቡለትም እርሱን ነው። እንግዲህ በሦስቱ ጥያቄዎች አዲሱ ምስል ብልጫ ሲኖረው በአራተኛው አሮጌው አልተነካም። አራቱ ምክንያቶች ሥራውን ተካፍለው የሚሠሩ አራት ሠራተኞች ቢሆኑ ኖሮ ይህ ሊሆን አይችልም ነበር፤ የሦስቱ መበልጸግ አራተኛውንም በጐተተው ነበር። የአንዱን መልስ ከሌላው መልስ ማውጣት እንደማይቻል የሚታወቀው በዚህ ነው። የሕዝብን ልማድ የሚያጠና ተማሪም አንድን የተቀረጸ እንጨት ሲያገኝ፣ የእንጨቱን ዐይነትና የጠራቢውን ስም መዝግቦ ሥራዬን ጨረስሁ ቢል ይህንኑ ስቷል።

ነገር ግን ምሳሌው ወሰን አለው፤ ወሰኑንም የጠቈመው አርስጣጣሊስ ራሱ ነው። በምስሉ ላይ አድራጊውም ፍጻሜውም ከእንጨቱ ውጭ ናቸው። በተፈጥሮ ግን ሦስቱ፣ ቅርጽና አድራጊ ፍጻሜም፣ ብዙ ጊዜ ወደ አንድ ይገጥማሉ፤ ሰውን የሚወልደው ሰው ነውና። መርከብ የመሥራት ጥበብ በእንጨቱ ውስጥ ቢኖር ኖሮ እንደ ተፈጥሮ ይሠራ ነበር ሲል ልዩነቱን አስረድቷል። አንቲፎን የተባለው ሊቅም አስቀድሞ፣ አልጋ ቢቀበርና መበስበሱ የመብቀል ኀይል ቢያገኝ፣ የሚበቅለው እንጨት እንጂ አልጋ አይሆንም ብሎ ነበር። አንቲፎን ከዚህ የደመደመው እውነተኛው ባሕርይ ቁሱ ነው የሚል ነው፤ አርስጣጣሊስ ግን፣ አልጋ ከአልጋ አይወለድም፣ ሰው ግን ከሰው ይወለዳልና፣ ቅርጹም ባሕርይ ነው ሲል መለሰለት።

በዚያው አምባ ላይ ሁለቱ የወይራ ዐይነቶች፣ የተቀረጸውና ሕያው የሆነው፣ አብረው ይኖሩ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ዓመት ፋርሶች አምባውን ሲያቃጥሉ የአቴና የተባለችው የወይራ ዛፍም ከቤተ ጣዖቱ ጋር ተቃጠለች። ሄሮዶቱስ እንደ ጻፈው፣ በማግስቱ ለመሥዋዕት የወጡት ሰዎች ከጕቶዋ አንድ ክንድ የሚያህል ቀንበጥ ወጥቶ አገኙ። ክንዱን በአንድ ሌሊት ማመን ባያስፈልገን፣ የተቈረጠና የተቃጠለ ወይራ ከሥሩ እንደሚያቈጠቍጥ የማያውቅ ገበሬ የለም። የተቀረጸው ወይራ ግን በዚያ ቀን በእሳቱ መካከል ተገኝቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከዐመዱ የሚያስነሣው ሌላ ቀራፂ ብቻ ነበር።