የቁርጥራጭ ስሌት (የተዳፋት መረጋጋት)

የተዳፋት አፈር ሊናድ ወይም ሊቆም መቻሉ የሚለካበት የምህንድስና ዘዴ። ይንሸራተታል ተብሎ የተገመተው አፈር ቀጥ ባሉ ቁርጥራጮች ይከፈላል፤ የሁሉም መያዣ ኃይል ድምር ለጎታች ኃይል ድምር ሲካፈል የደህንነት ቁጥር (ሴፍቲ ፋክተር) ይገኛል። ቁጥሩ ከ1 ካነሰ ተዳፋቱ አይቆምም።

ለአብነት አንድ ቁርጥራጭ እንውሰድ፦ ክብደቱ 200 ኪሎኒውተን፣ የታችኛው ገጹ ርዝመት 2.5 ሜትር፣ ዘንበልታው 30 ዲግሪ ነው። ወደታች የሚጎትተው 100 ኪሎኒውተን ይሆናል። በበጋ የአፈሩ መጣበቅ 20፣ ሰበቃው 100 ኪሎኒውተን ቢሰጡ ቁጥሩ 1.2 ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ከገጹ በላይ 1.6 ሜትር ያህል ውኃ ቢቆም፣ የውኃው ግፊት አፈሩን ወደላይ ስለሚደግፍ ሰበቃው ወደ 77 ይወርዳል፤ ቁጥሩም 0.97 ይሆናል። ክብደቱን እንዳለ ብንይዘው እንኳ ቁርጥራጩ ብቻውን አይቆምም። ስለዚህ የውኃው ከፍታ ያልተነገረበት «1.2» ብዙም ትርጉም የለውም።

ከላይ የተሠራው የፌሌኒየስ ቀላል ስሌት በቁርጥራጮች መካከል ያለውን ግፊት አይቆጥርም፤ የቢሾፕ የ1955 እ.ኤ.አ. ዘዴ በከፊል ያርመዋል።

የዝናብ ውጤት በተግባርም ታይቷል፦ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ከከባድ ዝናብ በኋላ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ነበሩ። አንድ ናዳ ከላይኛው አፈር ሥር ድጋፉን ወስዶ ቀጥ ያለ ግድግዳ ሊተው ይችላል፤ የግድግዳው የደህንነት ቁጥር ደግሞ እንደ አዲስ ነው የሚሰላው። በነገሌ ቦረናና በሌሎች ቆላማ ከተሞች ለመንገድ በተቆረጠ ዳገት ላይም፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንበው ዝናብ ወቅት፣ ስሌቱ ያው ነው። ከዳገቱ አናት ላይ አዲስ ስንጥቅ ከታየና ውኃ ከገባበት፣ በደረቅ የተሰላው ቁጥር አይሠራም።