በአክሲዮን የሚከፈል ዕዳ፦ ኖርዘርን ፓሲፊክ፣ 1901

አማርኛ መዋስንና መበደርን ይለያል። መጥረቢያ የተዋሰ ሰው የሚመልሰው ያንኑ መጥረቢያ ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ የተበደረ ግን የሚመልሰው ያንን ጤፍ ሳይሆን ሌላ አንድ ኩንታል ነው፤ የተበደረውንማ በልቶታል ወይም ሸጦታል። ዎል ስትሪት «ሾርት ሴሊንግ» የሚለው ንግድ ሙሉ በሙሉ የሚቆመው በዚህ በሁለተኛው ቃል ላይ ነው።

በክረምት፣ ጤፍ በተወደደበት ወር፣ ከጎረቤቱ አንድ ኩንታል ተበድሮ ገበያ ወስዶ የሚሸጥ ሰው ይታሰብ። ልቡ ያለው መኸር ላይ ነው። አዝመራው ሲገባ ጤፍ ይረክሳል፤ በርካሽ ገዝቶ ለጎረቤቱ ይመልሳል፤ ልዩነቱ የእሱ ነው። አንበጣ ከመጣስ? ዕዳው አሁንም አንድ ኩንታል ነው። ጎረቤቱ የሰጠው ብር አይደለምና ብር አይቀበለውም። የኩንታሉ ዋጋ ደግሞ እስከዚህ ድረስ ብቻ ይወጣል የሚል ሕግ የለም። ጤፍ ገዝቶ ያከማቸ ነጋዴ ቢበዛ የሚያጣው የገዛበትን ብር ነው፤ ዋጋ ከዜሮ በታች አይወርድም። ተበድሮ የሸጠው ግን ኪሳራው ጣሪያ የለውም፤ ትርፉ ነው ጣሪያ ያለው።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ቀላል ነው። በሥራ ላይ ምን እንደሚመስል ኒው ዮርክ በሜይ 1901 እ.ኤ.አ. አየችው።

ነገሩ የተጀመረው በሁለት የባቡር ሐዲድ ባለቤቶች ጠብ ነበር። ጄምስ ሂል ከባንከሩ ጄ. ፒ. ሞርጋን ጋር ሆኖ ወደ ቺካጎ የሚያስገባውን የበርሊንግተን መስመር ገዛ። የዩኒየን ፓሲፊኩ ኤድዋርድ ሃሪማን ድርሻ ጠየቀ፤ ተከለከለ። ሃሪማን በርሊንግተንን ትቶ ከገዢዎቹ አንዱን ኩባንያ፣ ኖርዘርን ፓሲፊክን ራሱን፣ በጄኮብ ሺፍ ባንክ በኩል በጸጥታ ከገበያ ይለቅም ጀመር። የኩባንያው ተራ አክሲዮን 800,000 ነበር። ሃሪማን በዚያ ላይ አብላጫ ለማግኘት ጥቂት አሥር ሺዎች ሲቀሩት፣ ቅዳሜ ሜይ 4፣ ታሞ ከተኛበት ተጨማሪ 40,000 እንዲገዛለት አዘዘ። ሰንበት ነበርና ሺፍ ምኩራብ ውስጥ ነበር፤ መልእክቱ ሲደርሰው ግዢውን አስቆመው። ሰኞ የሂልና የሞርጋን ሰዎች ቀደሙ። ጄምስ ኪን የተባለው የገበያ አዋቂ ለእነርሱ 150,000 አክሲዮን መግዛት ያዘ።

ይህንን ሁሉ የሚያውቁት ከጥቂት ሰዎች አይበልጡም። ሌላው ሰው የሚያየው አንድ አክሲዮን ያለ ምክንያት ሲንር ነው። ያለ ምክንያት የናረ ይወርዳል ብሎ ማሰብ ሞኝነት አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ስለዚህ ብዙዎች ሰኞና ማክሰኞ ኖርዘርን ፓሲፊክን ተበድረው ሸጡ።

ለምሳሌ ያህል አንዱን እንውሰድ። ሰኞ በ120 ዶላር ሒሳብ 100 አክሲዮን ሸጧል። ገዢው በማግስቱ አክሲዮኑን መረከብ አለበት፤ ስለዚህ የሰውዬው ደላላ ከሌላ ደላላ 100 አክሲዮን ይበደርለታል። ከሽያጩ የተገኘው 12,000 ዶላር ኪሱ አይገባም። ለአበዳሪው በመያዣነት ይሰጣል። እሱ ራሱ ከኪሱ ያወጣው ለደላላው ያስያዘውን 1,000 ዶላር ብቻ ነው። ዋጋው 130 ሲደርስ ግን አበዳሪው «በእጄ ያለው መያዣ ከሰጠሁህ አክሲዮን አነሰ» ብሎ 1,000 ይጨምራል፤ ደላላው ደግሞ ያንን ከደንበኛው ይጠይቃል። ያስያዘው አለቀ ማለት ነው። ካልጨመረ ደላላው እዚያው ገበያ ገብቶ 100 አክሲዮን ገዝቶ ሒሳቡን ይዘጋል። ማክሰኞ ዋጋው ወደ 150 ተጠግቶ ነበር።

እዚህ ላይ የንግዱ ክፉ ጠባይ ይታያል። ዋጋ የወጣበት ገዢ መግዛት ይተዋል። የከሰረ ሾርት ሻጭ ግን መግዛት ግዴታው ነው፤ ግዢው ዋጋውን ያንረዋል፤ ንረቱ ቀጣዩን ሻጭ ወደ ግዢ ይገፋል።

በተለመደው ቀን ይህ ግፊት የሆነ ቦታ ይቆማል፤ ውድ ሆነልኝ ብሎ የሚሸጥ ባለ አክሲዮን ይገኛልና። በዚያ ሳምንት ግን ሁለቱ ወገኖች የገዙት የሥልጣን ጉዳይ ስለሆነ በምንም ዋጋ አይሸጡም፤ አያበድሩምም። የሁለቱ ግዢ ሲደመርም ከነበሩት አክሲዮኖች በልጦ ተገኘ። አስማት የለበትም። ባለቤቱ አክሲዮኑን ያበድራል፤ «የእኔ ነው» ማለቱን ግን አያቆምም። ከተበዳሪው የገዛውም «የእኔ ነው» ይላል። አንድ ወረቀት ሁለት ባለቤት አፈራ። ሁለቱም ወረቀቱን በአንድ ቀን የጠየቁ ለታ መሐል ያለው ሰው የሚገዛው ነገር የለም።

ያ ቀን ሐሙስ ሜይ 9 ነበር። ኖርዘርን ፓሲፊክ በ170 ተከፈተ፤ ዋጋው ቀድሞ እንደነበረው በነጠላ ዶላር ሳይሆን በአሥሮች፣ ኋላም በመቶዎች እየዘለለ ረፋዱን 1,000 ዶላር ደረሰ። «130 ላይ ካልሆነልኝ እወጣለሁ» ያለ ሰው የሚወጣበት በር አልነበረም፤ በአንዱ ሽያጭና በሚቀጥለው መካከል ያሉት ዋጋዎች ጭራሽ አልታዩም። በ1,000 ዶላር ሒሳብ የምሳሌያችን ሰው ዕዳ 88,000 ነው፤ ያስያዘው 1,000።

ከሁሉ የሚያሳዝኑት በለንደን ገዝተው በኒው ዮርክ የሸጡት ናቸው። አክሲዮኑ በእርግጥ የእነርሱ ነበር። ነገር ግን በመርከብ ላይ፣ አትላንቲክ ውቅያኖስ መሐል ነበር። እስኪደርስ ብለው በብድር ያስረከቡት ሐሙስ ዕለት ተጠየቀ።

የተጨነቀው ሁሉ ገንዘብ ለማግኘት ያለውን ሌላ አክሲዮን ሸጠ። ከተመሠረተ ገና ወራት የሆነው የሞርጋን የብረት ኩባንያ፣ ዩ.ኤስ. ስቲል፣ ወደ 24 ዶላር ወረደ። ይህ እንደሚመጣ አስቀድሞ የገባው የ30 ዓመቱ በርናርድ ባሩክ ኖርዘርን ፓሲፊክን አልነካም፤ ሾርት የሸጠው ሌሎቹን ነበር፤ አተረፈም። የእርሱና የከሰሩት ሙያ አንድ ነው። ልዩነቱ እርሱ የሸጠውን ማንም ሰው ቆልፎ አለመያዙ ነበር።

ከሰዓት ሁለቱ ባንኮች በዕለቱ ርክክብ እንደማይጠይቁ አስታወቁ፤ ከዚያም ባለ ዕዳዎቹ በእያንዳንዱ አክሲዮን 150 ዶላር ከፍለው እንዲገላገሉ ፈቀዱ። ይህንን ርኅራኄ ነው ለማለት ይከብዳል። የደላሎቹ ግማሽ ቢከስር ባንኮቹ ያበደሩት ገንዘብና የያዙት ሌላ አክሲዮንም አብሮ ይወድቅ ነበር።

የምሳሌያችን ሰው ስለዚህ 88,000 አልከፈለም። በ120 ሸጦ በ150 ተገላገለ፤ ኪሳራው 3,000 ዶላር ሆነ። 1,000ው ከደላላው ዘንድ ነበር። ቀሪውን 2,000 ደላላው ለአበዳሪው ከራሱ ከፍሏልና ሊጠይቀው ቤቱ ይመጣል።