የድኅረ ምረቃ ረዳትነት

በ1999 ዓ.ም. በተመሠረተው በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ «ጂኤ» ማለት በመጀመሪያ ዲግሪው ተቀጥሮ ወርሃዊ ደመወዝ የሚያገኝ ጀማሪ መምህር ነው። በአሜሪካ ግን ስሙ የሚሰጠው ለተማሪ ነው፤ ፈተና ያርማል፣ ቤተ ሙከራ ይመራል፣ በምላሹ ከትምህርት ክፍያ ነጻ ሆኖ የኪስ ገንዘብ ያገኛል። ስለዚህ ነጻነቱ ስጦታ ሳይሆን የድካም ዋጋ ነው። «ውጤቱ አምጥቶለት የለም ወይ?» ይባል ይሆናል፤ እውነት ነው፣ ውጤት ያስመርጣል። ሥራው ከቀረ ግን ነጻነቱም ይቀራል። የተለመደው ሥራ በሳምንት 20 ሰዓት ነው፤ በ15 ሳምንት 300 ሰዓት ይሆናል። ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ፣ ግብር ተቀንሶ፣ ባንክ ይገባል። የመጀመሪያው ስለሚዘገይ ከደብረ ብርሃን የሚነሣ ተማሪ የወር መቆያ ይያዝ። ውሉ የ9 ወር ከሆነ ክረምቱ ባዶ ነው፤ የጤና መድንና ልዩ ልዩ ክፍያዎችም ብዙ ጊዜ በነጻነቱ አይካተቱም። ከመፈረም በፊት ሦስቱንም በጽሑፍ ጠይቁ።