ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?

እስቲ የሁለት ሰዎችን የአንድ ምሽት ታሪክ ልተርክላችሁ። ሰዎቹን የፈጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ የደረሰባቸው ነገር ግን ዛሬ ማታም የአንዳችን ቤት ሊደርስ ይችላል። ቦታው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው፤ ሀበሻ በብዛት የሚኖርበት ከተማ።

ጋሼ የ61 ዓመት ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ። አርብ ማታ ከባለቤታቸው ጋር ማዕድ ቀርበዋል። ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ10 ላይ የጠቀለሉት ጉርሻ ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። ሊያነሱት ቢሞክሩ እጃቸው አልታዘዝ አለ። ባለቤታቸው “ምነው?” ቢሏቸው የመለሱት ድምፅ እንጂ ቃል አልነበረም። የቀኝ ከንፈራቸው ወደ ታች ተንሸራቷል።

ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ደግሞ እትዬ አሉ፤ 58 ዓመታቸው ነው። ደም ግፊት አለባቸው፤ “አሁንማ ደህና ነኝ” ብለው መድኃኒቱን ከተዉት ሰንብተዋል። በዚያው ሰዓት ከሶፋው ሊነሱ ሲሉ ግራ እግራቸው ከዳቸው፤ ግራ እጃቸው ተንጠለጠለ፤ አፋቸው ተጣመመ። “ራሴን! ራሴን!” አሉና አስታወኩ።

ከሁለቱም ቤት 911 ተደወለ፤ ሁለቱም ወደ አንድ ሆስፒታል ተወሰዱ። ልብ በሉ፤ የሁለቱም ግማሽ አካል ዝሏል፤ የሁለቱም ፊት ተጣሟል። የእትዬ ራስ ምታትና ማስታወክ ጥርጣሬን ወደ አንድ በኩል ቢያጋድልም፣ የሠለጠነ ሐኪም እንኳ በዓይኑ አይቶ እርግጠኛ መሆን አይችልም። በራስ ቅላቸው ውስጥ ያለው ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው።

የጋሼ የልብ ምት ሥርዓት አጥቶ ኖሯል። ልብ እንዲያ ሲንቀጠቀጥ ውስጡ ያለው ደም በየጥጉ ይተኛና ይረጋል። የረጋችው ቁራጭ ተፈናቅላ ወጣች፤ ወደ ግራው የአንጎል ክፍል የሚሄደውን ትልቅ የደም ስርም ደፈነችው። ቀኝ እጅንና ንግግርን የሚያዘው ያ ክፍል ነው። ደም የተቋረጠበት መሃል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። በዙሪያው ያለው ግን ከጎረቤት ስሮች በሚደርሰው ጥቂት ደም እየተነፈሰ፣ ሥራውን አቁሞ ይጠብቃል፤ አልሞተም። የምሽቱ ሩጫ ሁሉ ለዚህ ለሚጠብቀው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄፍሪ ሴቨር የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ባሰሉት መሠረት፣ ትልቅ ስር ሲዘጋ በእያንዳንዷ ደቂቃ በአማካይ 1.9 ሚሊዮን የአንጎል ሴሎች ይጠፋሉ።

የእትዬ ስር ግን አልተዘጋም። ለዓመታት በግፊት የሳሳ ቀጭን ስር በቀኝ አንጎላቸው ጥልቅ ውስጥ ፈነዳ። የሚፈሰው ደም አንጎሉን እየገፋና እየጨፈለቀ ቦታ ይይዛል።

በአምቡላንሱ ውስጥ ባለሙያው የጋሼን ጣት ወግቶ ስኳራቸውን ለካ፤ የወረደ ስኳር ስትሮክ መስሎ ያታልላልና። ከዚያ ወደ ባለቤታቸው ዞሮ ጠየቀ፤ “ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?” እሳቸውም “1 ሰዓት ከ10፤ አብረን እየበላን ነበር” አሉ። ይህች መልስ ከማንኛውም ምርመራ አትተናነስም። ሰዓቱ የሚቆጠረው ሕመሙ ከታወቀበት ሳይሆን ሰውየው ደህና ሆኖ ከታየበት ቅጽበት ነውና። ጋሼ ከምሽቱ 4 ሰዓት ደህና ተኝተው ጠዋት 12 ሰዓት ሽባ ሆነው ቢነሱ ኖሮ፣ ስምንት ሰዓት እንዳለፈ ይቆጠር ነበር።

1 ሰዓት ከ50 ላይ ደረሱ፤ በቀጥታ ወደ ሲቲ ስካን ገቡ። በሲቲ ምስል ላይ የፈሰሰ ትኩስ ደም ወዲያው ነጭ ሆኖ ይታያል። የእትዬ ምስል ላይ ነጩ እብጠት ቁልጭ ብሎ ወጣ። የጋሼ ምስል ግን ንጹሕ ነበር። ልጃቸው “ተመስገን፣ ምንም የለበትም!” አለ። ሐኪሟ ራሷን ነቀነቀች። የተዘጋ ስር የሚያደርሰው ጉዳት በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በሲቲ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም። ግማሽ አካሉ ዝሎ ምስሉ ንጹሕ የሆነ ሰው፣ “ደም የለም፤ ስሩ ሳይዘጋ አይቀርም፤ ፍጠኑ” ማለት ነው።

የረጋ ደም የሚያሟሟው መርፌ የሚሰጠው ለዚህ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት አልቴፕሌዝ የተባለው ይህ መርፌ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ ብዙዎችን ከአካል ጉዳት እንደሚያተርፍ አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ የአውሮፓ ጥናት ወሰኑን ወደ 4 ሰዓት ተኩል ገፋው። ነገር ግን ዋጋ አለው። በመጀመሪያው ጥናት መድኃኒቱን ከወሰዱ 100 ሰዎች ስድስት ያህሉ አንጎላቸው ውስጥ ክፉኛ ደምተዋል። በረፈደ ቁጥር ጥቅሙ እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የመድማቱ አደጋ ግን ይቀራል። ያው መርፌ ለእትዬ ቢሰጥ የሚፈሰውን ደም የሚያቆም ኃይል ያጣሉ፤ ሊገድላቸው ይችላል። ምስሉ ሳይነሳ መርፌው የማይነካው ለዚህ ነው።

ጋሼ 2 ሰዓት ከ15 ላይ ተወጉ። የተዘጋው ስር ትልቅ ስለሆነ፣ ከብሽሽታቸው ቀጭን ቱቦ አስገብተው እስከ አንጎል በማድረስ የረጋውን ደም ጎትተው አወጡት። ይህ ሕክምና ለተመረጡ ሕሙማን እስከ 24 ሰዓት ሊሠራ ይችላል፤ ያ ግን በምስል ሲታይ የሚድን አንጎል ለተረፈው ሰው ብቻ ነው።

አሁን ግፊቱን ተመልከቱ። የጋሼ ግፊት 170 በ95 ነበር። ልጃቸው “ለምን አታወርዱለትም?” ብሎ ተቆጣ። ነርሷም “ለመርፌው ከ185 በ110 በታች ከሆነ ይበቃናል፤ አሁን ክፉኛ ብናወርደው ለሚጠብቀው አንጎል የምትደርሰዋን ጥቂት ደም እንነፍገዋለን” አለችው። በአጠገቡ ክፍል ደግሞ የእትዬን 210 ወደ 140 አካባቢ ለማውረድ በደም ስር መድኃኒት ይሰጣል፤ የፈሰሰው ደም የሚያድገው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ይወስዱ እንደሆነም ተጠየቁ፤ ቢወስዱ ኖሮ ማርከሻው ወዲያው ይሰጣቸው ነበር። ስለዚህ “መርፌ ካልተሰጣቸው ጥድፊያው ምንድን ነው?” የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የእሳቸውም ሰዓት እየሮጠ ነው።

በማግስቱ ጋሼ ሚስታቸውን በስማቸው ጠሩ፤ እጃቸው ገና ደካማ ነው። እትዬ በሕይወት ተርፈዋል፤ ግራ ጎናቸው ግን ወራት የሚፈጅ ፊዚዮቴራፒ ይጠብቀዋል።

አገር ቤት ነገሩ ይከብዳል። ሲቲ በየሆስፒታሉ የለም፤ ግፊቱን ሳያውቅ የሚኖረው ብዙ ነው፤ ከስትሮክ ውስጥም የደም መፍሰሱ ድርሻ ከምዕራባውያኑ ይልቃል። ፊቱ የተጣመመ ሰው “ምች ነው” ተብሎ ዳማከሴ ሲታሽ ያድራል፤ በማግስቱ ክሊኒክ፣ በሦስተኛው ቀን ሪፈር። አንዳንዱ ቤት ደግሞ አስፕሪን ያስውጣል። አስፕሪን ለጋሼ ሊጠቅም ይችል ይሆናል፤ እትዬን ግን ሊጎዳቸው ይችላል፤ የትኛው እንደሆነ ደግሞ ቤት ውስጥ ማንም አያውቅም። የግፊት ክኒን መጨመርም እንዲሁ ነው። ውኃና ምግብም መዋጥ ያቃተውን ሰው ወደ ሳንባው ገብቶ ያንቀዋል።

እባካችሁ፤ ፊቱ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ ወይም ንግግሩ የተሳሰረ ሰው ስታዩ መጀመሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በእጃችሁ ያዙ። ከዚያ ቅርብ ወደሆነው ክሊኒክ ሳይሆን ሲቲ ወዳለው ሆስፒታል ውሰዱት። ምልክቱ በደቂቃዎች ውስጥ ቢጠፋ እንኳ ሂዱ፤ ትልቁ ስትሮክ ከመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው።