«6,000 ብር» የማን ነው? የደመወዝ ወለል ታሪክ በአጭሩ

ወዳጆቼ፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው ደመወዝ 6,000 ብር ሆነ ሲባል እዚህ 18 ማዞሪያ አካባቢ ያለው የካፌ አስተናጋጅ፣ የጋራዥ ረዳትና የጥበቃ ሠራተኛ ሁሉ ጆሮውን ቀና አድርጎ ነበር። የተወሰነው ግን ለመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነው። የመንግሥት ሠራተኛን ደመወዝ የሚከፍለውም የሚወስነውም መንግሥት ራሱ ነው። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቀመጠ ወለል የለም።

ጥያቄው ግን የዛሬ አይደለም። በየካቲት 1966 መጨረሻ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲጠራ ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ነበር። መልስ የሚመስል ነገር በሕግ የተጻፈው በአዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 55 ነው። መንግሥት፣ አሠሪና ሠራተኛ የሚወከሉበት የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል፣ የአገሪቱን ኢኮኖሚና የሥራ ገበያውን አጥንቶ ወለሉን በየጊዜው ይከልሳል ይላል። ቦርዱ ሥልጣኑን የሚያገኘው ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ነው። ኢሠማኮ በየሜይ ዴዩ የሚጮኸው ለዚህ ነው። የቤት ሠራተኞች ደግሞ ከአዋጁ ውጭ ናቸው። ለእነሱም ሌላ ደንብ ይወጣል ተብሎ ነው የታለፈው።

ታዲያ ወለል ከሌለ ሠራተኛው በምን ይመዝን? በውሉና በአዋጁ የሰዓት ሂሳብ።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ካፌ ውስጥ በ4,160 ብር ትሠራለች። «ቲቸር፣ የትርፍ ሰዓቴ ልክ ነው?» አለችኝ። አብረን ሠራነው። በሕግ ሳምንቱ 48 ሰዓት ነው። በ52 ሳምንት አባዝተን ለ12 ወር ስናካፍለው 208 ሰዓት ይወጣል። 4,160 ለ208 ሲካፈል በሰዓት 20 ብር። በወሩ በአዘቦት ቀን 10 ሰዓት ትርፍ ሠርታለች፤ ቀን ስለሆነ በአንድ ተኩል ተባዝቶ 300 ብር። በዕረፍት ቀኗ 8 ሰዓት ገብታለች፤ በሁለት ተባዝቶ 320 ብር። ድምሩ 620 ብር ነው። የሌሊት ቢሆን 1.75፣ የሕዝብ በዓል ቢሆን 2.5 ነበር ማባዣው። የተከፈላት ግን 450 ብር ብቻ ሆኖ ተገኘ። ሁሉንም 18 ሰዓት በ25 ብር ቆጥረውላታል፤ በአዋጁ ውስጥ እንዲህ ያለ ማባዣ የለም።

«ግን እኮ ፈርሜያለሁ» አለች። አንቀጽ 60 የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። አሠሪው ጠቅላላ ክፍያው፣ አሠራሩና ተቀናሹ የተጻፈበት መዝገብ መያዝ አለበት፤ ሠራተኛው ሲጠይቅ ማሳየትና ማስረዳትም ግዴታው ነው። መዝገቡ ላይ ሳይቃወሙ መፈረም ደግሞ የጎደለውን የመጠየቅ መብት አያስቀርም።

የሚያስቀረው ጊዜ ነው። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለዚህ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በየቀኑ ደብተር ላይ ጻፉ፤ የወሩን ሂሳብ በወሩ አስሉ።

የምትሠሩበት ቦታ የትርፍ ሰዓቱን በስንት እንደሚያባዛ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ አብረን እናስላው።